መዘግየቱ ከራውተሩ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?

በምሠራበት ድርጅት የኮምፒውተርና የኔትወርክ ድጋፍ መስጠት የእኔ ድርሻ ነው። ከቤታቸው ሆነው የሚሠሩ አንዲት የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ድምፃቸው እንደሚቆራረጥና የጋራ ፋይሎችን ለመክፈት ረጅም ጊዜ እንደሚወስድባቸው ነገሩኝ። ቀደም ብለው ለኢንተርኔት አቅራቢያቸው ደውለው ነበር፤ ያገኙት መልስ ግን «መስመሩ ደህና ነው፤ ችግሩ እርስዎ ቤት ውስጥ ነው» የሚል ብቻ ነበር። እርሳቸው በበኩላቸው ውላቸው 50 ሜጋቢት በሰከንድ እያለ በስልካቸው ያደረጉት የፍጥነት መለኪያ 11 ብቻ ስላሳያቸው፣ ጥፋቱ የአቅራቢው ስለመሆኑ ጥርጥር አልነበራቸውም።

ያ 11 የሚለው ቁጥር ግን ለሁለቱም ወገን ማስረጃ አይሆንም። በስልክ የሚደረግ መለኪያ ከስልኩ እስከ ራውተሩ ያለውን ዋይፋይና ከራውተሩ ወዲያ ያለውን መስመር አንድ ላይ አጣምሮ ስለሚለካ፣ ከሁለቱ ደካማው የቱ እንደሆነ አይነግረንም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ድንበሩም ራውተሩ ነው።

በዊንዶውስ ኮምፒውተራቸው ላይ ሁለት የትእዛዝ መስኮቶች ጎን ለጎን እንዲከፍቱና በአንዱ ራውተሩን፣ በሌላው ደግሞ ውጭ ያለ ሰርቨር በተከታታይ እንዲጠይቁ አደረግሁ። የራውተሩ አድራሻ `ipconfig` ሲጻፍ `Default Gateway` ከሚለው አጠገብ ይገኛል፤ በእርሳቸው ቤት 192.168.1.1 ነበር።

```
ping -t 192.168.1.1
ping -t 8.8.8.8
```

በመስኮቱ ላይ የሚወጣው እያንዳንዱ መስመር አንድ ጥያቄ ደርሶ መልሱ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ያሳያል። ንባቡም ቀላል ነው፤ የሁለቱም መስኮት ቁጥሮች በአንድ ቅጽበት አብረው ከዘለሉ መዘግየቱ የተፈጠረው ከራውተሩ ወዲህ ነው፤ የመጀመሪያው ጸጥ ብሎ ሁለተኛው ብቻ ከዘለለ ግን ከራውተሩ ወዲያ መፈለግ ይገባል። በዋይፋይ ሲሞከር የራውተሩ ቁጥር በአብዛኛው 3 ቢሆንም በየመሀሉ ወደ 200 ይዘል ነበር፤ የውጭውም አብሮት ይዘል ነበር። በኬብል ሲያገናኙት የራውተሩ መስኮት ያለማቋረጥ `time<1ms` ማሳየት ጀመረ፤ የፍጥነት መለኪያውም 46 ሆነ። የዋይፋዩ ድርሻ በዚህ ተለየ።

የባልደረባችን ችግር ግን አልተፈታም። በኬብልም ሆነው የራውተሩ ቁጥር ፍጹም ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ 18 ሚሊሰከንድ የነበረው የውጭው ቁጥር ድንገት ወደ 640 ከፍ ብሎ ለበርካታ ደቂቃዎች እዚያው ይቆይ ነበር። ባልደረባችን «እንግዲህ የእነርሱ መስመር መሆኑ ተረጋገጠ» አሉኝ። ከላይ በሰጠሁት ንባብ መሠረት አባባላቸው ትክክል ነበር፤ ብዙ ባለሙያዎችም እዚህ ላይ ምርመራቸውን ያቆማሉ። እኔ ግን ቅሬታው ከመላኩ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ እንዳለበት አጥብቄ አምናለሁ፦ በዚያ ሰዓት ከቤቱ ወደ ውጭ ብዙ ዳታ እየላከ ያለ ሌላ መሣሪያ አለ ወይ?

ምክንያቱም የብዙ ቤት መስመር በሁለት አቅጣጫ እኩል ስፋት የለውም። የእርሳቸው መስመር ለመቀበል 50፣ ለመላክ ግን 5 ሜጋቢት በሰከንድ ብቻ ነበር። አንድ ስልክ ቪዲዮዎችን ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ መስቀል ሲጀምር ያን 5 ሜጋቢት ሙሉ በሙሉ ይይዘዋል፤ ራውተሩም ቶሎ ማሳለፍ ያልቻለውን ዳታ ከመጣል ይልቅ በወረፋ ያቆየዋል። በወረፋው 400 ኪሎባይት ቢጠራቀም 3,200 ኪሎቢት ማለት ነው፤ በሰከንድ 5,000 ኪሎቢት በሚያሳልፍ መስመር ይህን ለመጨረስ 0.64 ሰከንድ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ትንሽ ፓኬት፣ የስብሰባው ድምፅም ቢሆን፣ ከወረፋው ኋላ ተሰልፎ ያን ያህል ይጠብቃል። አንድ ፋይል ስናወርድ ኮምፒውተራችን «ደርሶኛል» የሚል ማረጋገጫ እየላከ ስለሆነና ያም ማረጋገጫ በዚያው ወረፋ ስለሚዘገይ፣ የመላኪያው መጨናነቅ የመቀበያውን ፍጥነትም ይጎትታል። ፒንግ ደግሞ ይህን ከውጭ መስመር ብልሽት አይለየውም፤ ወረፋው የሚሠራው ከራውተሩ በር መውጫ ላይ ስለሆነ፣ ራውተሩን ራሱን ስንጠይቀው ወዲያው ይመልሳል።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ዋይፋዩን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው፣ ከራውተሩ ጋር ያችን አንዲት ኮምፒውተር ብቻ በኬብል አስቀርተው፣ በእርሷም ላይ ምንም እንዳይሠራ አድርገው ሁለቱን መስኮቶች እንዲመለከቱ ጠየቅኋቸው። ቁጥሩ ወዲያው ወደ 18 ወረደ። ከዚያ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ሲመልሱ፣ ስልካቸው ከዋይፋዩ ጋር በተገናኘ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ 600ዎቹ ተመለሱ፤ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እየሰቀለ የነበረው እርሱ ነው። የስልኩን መስቀል ወደ ሌሊት አዛወርነው፤ በራውተሩ `QoS` በሚለው ገጽ ላይም የመላኪያውን ጣሪያ ከተለካው 5 ሜጋቢት ዝቅ አድርገን 4.3 ላይ ወሰንነው። ጣሪያው ከመስመሩ እውነተኛ አቅም ትንሽ ማነስ አለበት፤ ካልሆነ ወረፋው በነበረበት ይቀጥላል። ወረፋን በአግባቡ የማያስተዳድር ርካሽ ራውተር ላይ ይህ ገጽ ብዙም ላይጠቅም ይችላል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ የሚሰቅለውን መሣሪያ ራሱን መገደብ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው የምሽቱ መዘግየት ነበር። ቀን ላይ ጸጥ ያለው መስመር ምሽት ላይ፣ ሁሉም መሣሪያ ጠፍቶና ኮምፒውተሯ ብቻ በኬብል ተገናኝታ፣ ከ18 ወደ 90 ይወጣ ነበር፤ በ`Ctrl+C` ሲያቆሙትም የጠፉት ፓኬቶች ድርሻ 3% ሆኖ ይነበብ ነበር። ወደ 1.1.1.1 ሲሞከርም ውጤቱ ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ጥፋቱ የአንድ የውጭ ሰርቨር አልነበረም። ፓኬቱ በመንገዱ ላይ የሚያልፍባቸውን መቆሚያዎች በተራ የሚያሳየው `tracert 8.8.8.8` ሲሠራ መዘግየቱ ከሁለተኛው መቆሚያ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይዘልቅ ነበር። መዝለቁ ትልቅ ትርጉም አለው፤ መሀል ላይ ያለ አንድ መቆሚያ ብቻውን ከፍተኛ ቁጥር ወይም ኮከብ አሳይቶ ከእርሱ በኋላ ያሉት ደህና ከሆኑ፣ ያ መሣሪያ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ለመመለስ ቅድሚያ አልሰጠም ማለት እንጂ መስመሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ብዙ ቅሬታ በዚህ ምክንያት ከንቱ ይቀራል።

አሁን ወደ አቅራቢው የሚላክ ነገር ነበረን። ባልደረባችን የቀኑንና የምሽቱን ውጤት ጎን ለጎን አድርገው፣ ሰዓቱን፣ በኬብል መሆኑንና ሌላ መሣሪያ እንዳልነበረ ጽፈው ላኩ። ከድጋፍ ክፍሉ የተመለሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ኮምፒውተሩን ከሞደሙ ጋር በቀጥታ አገናኝተው ሞክረዋል ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ራውተር ከውስጥ ሲጠየቅ በፍጥነት እየመለሰ፣ ወደ ውጭ የሚያስተላልፈው ክፍሉ ግን ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የእኛ ሁለት መስኮቶች አያሳዩም። በዚያው ምሽት ራውተሩን አልፈው ከሞደሙ ጋር በቀጥታ ሲያገናኙ 90ውና 3%ው አልተለወጡም። አቅራቢው በአካባቢው ባለው የጋራ መስመር ላይ ምሽት ምሽት ጭነት እንደሚበዛ አምኖ ሥራውን ለመስመር ክፍሉ አስተላለፈ፤ ባልደረባችንም ስብሰባዎቻቸውን እስኪስተካከል ድረስ ወደ ቀን አዛወሩ።