የጎንደር 228 ሜትር፦ በአሮጌው ካርታና በስልኬ መካከል ያለው ልዩነት

የጎንደርን ዙሪያ ምንጮችና አሮጌ የእግር መንገዶች ከ1፡50,000 ካርታ ላይ እያወጣሁ በስልክ ጂፒኤስ መፈለግ ከጀመርኩ ወዲህ፣ በዚህ ወር ትልቁ እርምጃዬ አንድ ልዩነትን እስከ ሥሩ መረዳቴ ነው። ከወረቀቱ ላይ የተነበበ ቁጥር ስልክ ውስጥ ሳይለወጥ ሲገባ፣ ስልኩ ከትክክለኛው ቦታ 95 ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ፣ 207 ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ርቆ ይወስዳል። በቀጥታ ሲለካ 228 ሜትር ነው። ወረቀቱ ላይ ይህ አራት ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ዓይን አይስበውም። መሬት ላይ ግን በቀሃ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ያለን ምንጭ ወዲያኛው ተዳፋት ላይ ያወጣዋል።

ጡረታ የወጡ ቀያሽ ጎረቤት አሉኝ። «ጋሼ፣ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ቦታው እንዴት ሁለት ይሆናል?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ቁጥሩን ተወው። መጀመሪያ ከየት ተነሥቶ እንደተቆጠረ ጠይቅ» አሉኝና የካርታውን የታችኛውን ህዳግ በጣታቸው አሳዩኝ። ዳተም፦ አዲንዳን፤ ኤሊፕሶይድ፦ ክላርክ 1880 የተሻሻለው። ዳተም ማለት የቦታ ቁጥሮች የሚቆጠሩበት መነሻና የምድር ቅርፅ ነው፤ ስልኬ ግን የሚሠራው የጂፒኤስ ሳተላይቶች በሚጠቀሙበት በ WGS 84 ነው።

አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ፣ በኑብያ የሚገኝ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የዓባይ ተፋሰስ የቅየሳ መረብ ወደ ኢትዮጵያ ሲዘረጋ የተመሠረተው በዚያ መነሻ ላይ ነበር። የያኔ ቀያሽ ሳተላይት አልነበረውም። የነበረው ኮከብ፣ ቱንቢና ከኮረብታ ኮረብታ የሚለካ ሦስት ማዕዘን ነው። ምድርን የምትተካውን የሒሳብ ቅርፅ፣ ማለትም ኤሊፕሶይዱን፣ በመነሻው ነጥብ ላይ ከኮከብ ልኬቱ ጋር አስማምቶ ያስቀምጣታል። ቱንቢ ደግሞ በአካባቢው ተራራና የድንጋይ ክብደት ስለሚሳብ ለቅርፁ ቆዳ በትክክል ቀጤ ነክ አይሆንም። ስለዚህ በዚህ መንገድ የተቀመጠችው የአዲንዳን ኤሊፕሶይድ መሃሏ ከምድር መሃል ላይ አላረፈም። ለኢትዮጵያ የሚሠራባቸው ሦስት የማሸጋገሪያ ቁጥሮች -165፣ -11 እና 206 ሜትር ናቸው። ሲደመሩ ሳይሆን በፓይታጎረስ ቀመር ሲሰሉ የሁለቱ መሃሎች ርቀት 264 ሜትር ይመጣል። የ WGS 84 መሃል ግን ሳተላይቶቹ የሚዞሩበት የምድር መሃል ራሱ ነው።

ሁለቱ ኤሊፕሶይዶች በመጠንም ይለያያሉ። የክላርክ በምድር ወገብ በኩል 112 ሜትር ይሰፋል፤ በዋልታ በኩል ደግሞ 237 ሜትር ያጥራል። ይበልጥ ጠፍጣፋ ነው ማለት ነው።

እስከዚህ ያለውን ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። እኔን ለረጅም ጊዜ ያደናገረኝ ሌላ ነገር ነው። ስለዚሁ ከተማ ሁለት የተለያዩ ልዩነቶች ይነገራሉ። አንዱ 228 ሜትር ይላል፤ ሌላው 123 ሜትር። አንደኛው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ቀመሩን ለጎንደር፣ ለ12.608 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና ለ37.47 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ፣ በእጄ ሠራሁት። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድን ቦታ የአዲንዳን ኬክሮስና ኬንትሮስ ወደ WGS 84 ስንለውጥ ኬክሮሱ በ2.69 ሰከንድ፣ ኬንትሮሱ በ3.04 ሰከንድ ይጨምራል። በሜትር ሲተረጎም ወደ ሰሜን 83፣ ወደ ምሥራቅ 92 ነው። በዲግሪ የተጻፈ ቁጥር ሳይለወጥ ከተሻገረ የሚፈጠረው ስሕተት ይኸው 123 ሜትር ነው።

ቦታን በዲግሪ ሳይሆን በሜትር በሚገልጸው የካርታ መረብ፣ በዩቲኤም፣ ግን ሌላ ሒሳብ ይገባል። የዩቲኤም ሰሜናዊ ንባብ ማለት በመሠረቱ ከምድር ወገብ እስከ ቦታው ድረስ በኤሊፕሶይዱ ቆዳ ላይ የተለካ የሜትር ርቀት ነው። ለስላሳ ኳስ ከላይና ከታች ሲጫኑት ወገቡ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለው ጉብጠት ይበረታል። የክላርክ ቅርፅ ይበልጥ ጠፍጣፋ ስለሆነ በወገቡ አካባቢ በዚሁ አቅጣጫ ያለው ጉብጠት ከ WGS 84 ይበልጣል፤ ስለዚህ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ እዚያ ላይ አሥር ሜትር ገደማ ያጥራል። ጎንደር ከምድር ወገብ አሥራ ሁለት ዲግሪ ተኩል አልፋ ትገኛለች። አሥር ሜትሩ በየዲግሪው ሲጠራቀም 125 ሜትር ይሆናል። ቅድም ባገኘነው 83 ላይ ሲጨመር 207 ገደማ ይመጣል። የምሥራቁ ንባብም ከ92 ወደ 95 ከፍ የሚለው በዋናነት በዚሁ የመጠን ልዩነት ምክንያት ነው፤ እዚያ የሚቆጠረው ከ39 ዲግሪ መካከለኛ ኬንትሮስ ስለሆነ ርቀቱ አጭር ነው፣ ጭማሪውም ትንሽ።

ይህ ልዩነት ለእኔ እንደ መመርመሪያ መሣሪያ ሆኖልኛል። ስሕተቱ 95 እና 207 አካባቢ ከሆነ የዩቲኤም ቁጥር ሳይለወጥ ተሻግሯል ማለት ነው። 92 እና 83 አካባቢ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ያለው በዲግሪው ደረጃ ነው። የስሕተቱ መጠን ብቻ መንገዱ የት ላይ እንደተበላሸ ይናገራል።

በእርግጥ አንድ ነጥብ አይበቃም። በ1፡50,000 ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር አሳስቶ ማንበብ 25 ሜትር ነው፤ ስልኩም ሰማይ ክፍት ሆኖ ሳለ ጥቂት ሜትር ይስታል። ስለዚህ ካርታው ላይ በግልጽ የሚታዩና መሬት ላይ ያልተነቀነቁ ነገሮችን መረጥኩ፤ የፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ የፋሲል መዋኛን እና አንድ የአንገረብ ድልድይ። በእያንዳንዱ ቦታ ቆሜ የካርታውን ንባብ ከስልኩ ንባብ ቀነስኩ። ቀስቶቹን በወረቀት ላይ ስስላቸው ሁሉም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያመለክታሉ፣ ርዝመታቸውም ተቀራራቢ ነው። የዳተም ልዩነት መልኩ ይህ ነው፤ ከከተማዋ ዳር እስከ ዳር ቢለዋወጥ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ቀስቶቹ በየአቅጣጫው ቢበታተኑ ጥፋቱ የንባብ ይሆን ነበር። ከአንዱ የካርታ ጠርዝ ወደ ሌላው እየረዘሙ ቢሄዱ ደግሞ ወረቀቱ ተሸብሽቧል ወይም ቅጂው ሲነሣ ተጣሟል ብዬ እጠረጥራለሁ።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ። የተቀዳውን ካርታ QGIS በተባለው የካርታ ፕሮግራም ስናስቀምጥ የምንጠቀምባቸው የመስመር መገናኛዎች የአዲንዳን ቁጥሮች ናቸው፤ ስለዚህ ምስሉ መጀመሪያ መመዝገብ ያለበት የአዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ኮድ በሆነው በ EPSG:20137 ነው። የዚሁ ዞን የ WGS 84 ኮድ በሆነው በ EPSG:32637 ከተመዘገበ አብያተ ክርስቲያናቱ በሙሉ በሳተላይት ምስሉ ላይ ከቦታቸው ወደ ደቡብ ምዕራብ ተንሸራተው ይታያሉ። ሌላው ወጥመድ፣ የንብርብሩን ዳተም ስም መቀየር ቁጥሮቹን እንደ መለወጥ የሚቆጠርበት ልማድ ነው። Set Layer CRS የሚለው ትዕዛዝ የሚቀይረው ምልክቱን ብቻ ነው፤ ቁጥሮቹ የሚለወጡት ፋይሉ በአዲሱ ዳተም ተሰልቶ ሲወጣ ነው። ለምስል Warp (Reproject) የሚለው ይሠራል።

በጣም የተደበቀው ችግር ግን ፕሮግራሙ «ለወጥኩ» ብሎ ያልለወጠበት ነው። የማሸጋገሪያ ዝርዝሩ ላይ Ballpark የሚል ቃል ካያችሁ ተጠንቀቁ። ያ አማራጭ ኤሊፕሶይዱን ይቀይራል፣ የመሃሎቹን ርቀት ግን ዜሮ አድርጎ ያልፋል። ዲግሪው ሳይነካ ዩቲኤሙ ብቻ በአዲሱ ቅርፅ ይሰላል። ውጤቱ 125 ሜትሩን ያስተካክላል፣ 92 እና 83ቱን ይተዋል። ቁጥሩ ስለተቀየረ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ካርታው ግን አሁንም 123 ሜትር ፈቀቅ ብሏል።

ለማረጋገጥ የምጠቀመው በከተማዋ መካከል የወሰድኩትን ድፍን ቁጥር ነው፦ 334000 ምሥራቅ፣ 1394000 ሰሜን፣ በአዲንዳን። በትዕዛዝ መስኮት ላይ፦

```
echo 334000 1394000 | cs2cs +proj=utm +zone=37 \
 +a=6378249.145 +rf=293.465 +towgs84=-165,-11,206 \
 +to +proj=utm +zone=37 +datum=WGS84
```

መልሱ ወደ 334095 እና 1394207 ከተጠጋ ማሸጋገሪያው ሙሉ ነው። 334003 እና 1394125 አካባቢ ከሆነ የመሃሎቹ ርቀት አልገባም። ያው 334000 እና 1394000 ሆኖ ከተመለሰ ምንም አልተሠራም። ይህንኑ ነጥብ በ QGIS ውስጥም አስገብታችሁ ከነዚህ ሦስት መልሶች የትኛው እንደወጣ መመልከት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ስለ ሦስቱ ቁጥሮች ልጨምር። ለኢትዮጵያ ብቻ ከተሰሉት ሌላ ለኢትዮጵያና ለሱዳን በአማካይ የወጡ አሉ፤ -166፣ -15 እና 204። ሁለቱን በጎንደር ላይ ሳነጻጽራቸው የሚለያዩት በሦስት ሜትር ገደማ ነው። እንደ ቀያሹ ጎረቤቴ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ ይኮሳተራል፤ ለእኔ ግን የወረቀቱ የንባብ ስሕተት ብቻውን ከዚህ ስለሚበልጥ ምርጫው ምንጭ ከማግኘት አያግደኝም። ሦስት ቋሚ ቁጥሮች የአሮጌውን መረብ ቦታ ቦታ ላይ ያለ መጣመም ማቃናት አይችሉም፤ የሚያደርሱት እስከ ጥቂት ሜትር ድረስ ነው። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ በዚሁ ዘዴ የአባቱን ይዞታ ወሰን ከአሮጌ ሰነድ ላይ አውጥቼ እንዳሳየው ሲጠይቀኝ እምቢ አልኩት። ለአጥር የሚያስፈልገው በአቅራቢያው ባሉ የቅየሳ ነጥቦች ላይ ተመሥርቶ በባለሙያ መሣሪያ የሚለካ ልኬት ነው።