ሶፕራኖዎቹን ማን ሸፈናቸው?

ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መሸኛ አንዲት አጭር ዜማ ጻፍኩ። 16 ባር ብቻ ናት፣ በትዝታ ሜጀር። አዳራሹ ውስጥ ኪቦርድ ስለሌለ ያለ መሣሪያ በአራት ድምፅ እንድትዘፈን ፈለግኩ። ኳየሩ 22 ልጆች አሉት። ከቀጭኑ ድምፅ ወደ ወፍራሙ ስንወርድ፣ ከሴቶቹ 9 ሶፕራኖና 6 አልቶ፣ ከወንዶቹ 3 ቴነርና 4 ቤዝ። ቴነሮቹ ድምፃቸው ገና መጎርነኑን ያልጨረሰ ልጆች ናቸው።

የመጀመሪያው ቅንብሬ ኮምፒውተር ላይ ማር ነበር። ልጆቹ ሲዘፍኑት ግን ዜማዋ ጠፋች። አዳራሹ ጀርባ ሄጄ አዳመጥኩ። የሚሰማኝ የሦስቱ ቴነሮች ድምፅ ብቻ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ራሱ ግራ ገብቶት «ቲቸር፣ ዜማውን የያዝነው እኛ ነን እንዴ?» አለኝ።

ወረቀቱን ዘርግቼ ሳየው ጥፋቱ የኔ ነበር። የቅኝቱን መነሻ ድምፅ፣ ዶን፣ ኤፍ ላይ ነው ያደረግኩት። ቴነሮቹን እስከ ላይኛው ዶ ሰቅያቸዋለሁ፣ ኪቦርድ መሐል ካለው ሲ በላይ ያለው ኤፍ ማለት ነው። ጎረምሳ ልጅ እዚያ የሚደርሰው እየጮኸ ነው። አልቶዎቹን ደግሞ በዚያው ቦታ ወደ ታችኛው ሚ አውርጃቸዋለሁ፣ ከቴነሮቹ በታች። ሴት ልጅ እዚያ ወርዳ ስትዘፍን ድምፅዋ ይሳሳል። ስለዚህ በቁጥር የሚያንሱት ጮኹ፣ የሚበዙት ተዋጡ። ኮምፒውተር እንዲህ ዓይነቱን ነገር አያሳይም። እሱ ሁሉንም ኖታ በእኩል ጉልበት ነው የሚጫወተው።

ከዚያ በኋላ ቅንብሩን ትቼ መጀመሪያ የልጆቹን ድምፅ ለካሁ። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ኖታ ሳይሆን ሳይጨናነቁ የሚዘፍኑበትን ቦታ ነው የፈለግኩት። ቴነሮቹ ከመሐሉ ሲ በላይ አንድ ድምፅ፣ ዲ ድረስ ብቻ ይመቻቸዋል። ቤዞቹ ታችኛው ሶል ላይ ሲደርሱ ያበቃላቸዋል። አዲሱን ቅንብር በዚህ አጥር ውስጥ ሠራሁት።

የመጀመሪያው ሐረግ ዜማ ይህ ነው፦ ሚ ሶል ላ ሶል ሚ ሬ ዶ። በፊት ለአልቶዎቹ የጻፍኩት እንደ መዝሙር ደብተር ሦስተኛ ድምፅ እየወረድኩ ነበር። ሶል ሥር ሚ፣ ላ ሥር ፋ፣ ሬ ሥር ቲ። ችግሩ ትዝታ ሜጀር ፋም ቲም የለውም። ያሉት ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ብቻ ናቸው። ፋ በገባች ቁጥር ትዝታው ብን ብሎ ይጠፋል፣ የሌላ አገር ዘፈን ይመስላል። አዲሱ መንገድ ቀላል ነው። ከቅኝቱ አምስት ድምፆች ሳልወጣ፣ ከዜማው በታች አንዱን ዘልዬ ቀጣዩን ሰጠኋቸው። ስለዚህ የአልቶዎቹ መስመር ዶ ሬ ሚ ሬ ዶ ላ ሶል ሆነ። ከዜማው ጋር እኩል ይወጣል፣ እኩል ይወርዳል፣ አንድም ጊዜ አያቋርጠውም።

ቴነሮቹ ሐረጉን በሙሉ አንዷን ሶል ይዘው ይቆያሉ። ቤዞቹ ዶን ይይዛሉ፣ ዜማው ሬ ላይ ሲደርስ ብቻ ወደ ታችኛው ሶል ይወርዱና ይመለሳሉ። እዚያች ሬ ላይ የአልቶዎቹ ላ ከቴነሮቹ ሶል ጋር ትንሽ ይፋተጋል። ልጆቹ መጀመሪያ የተሳሳቱ መስሏቸው ይጎተቱ ነበር። ለአንድ ምት ብቻ ስለሆነ ተውኩት። አልቶዎቹ ወዲያው ወርደው ቴነሮቹ የያዟት ሶል ላይ ያርፋሉ። ያቺ ድምፅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጆሯቸው ውስጥ ስለነበረች አይስቷትም። ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ ክፍል መግቢያ ስጽፍ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ኖታ ከአፍታ በፊት ማን ዘፍኖታል? ማንም ካልዘፈነው ልጆቹ በልምምድ ቢያገኙትም መድረክ ላይ ይጠፋቸዋል።

የሐረጉ መዝጊያ ዶና ሶል ብቻ ነው። ሚን ለቴነሮቹ ሰጥቼ ሞክሬው ነበር። ኮርዱ ሞላ፣ ግን ከቤዞቹ ዶ ጋር በጣም ተቀራርቦ ታች ደፈረሰ። ዜማውም የደረቀ መዝሙር መሰለ። ባዶውን መዝጊያ መለስኩት።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ ግጥሙ ነው። በመጀመሪያው ቅንብር ቴነርና ቤዝ ቃሉን አንድ ምት ዘግይተው እንደ ገደል ማሚቶ ይደግሙት ነበር። ወረቀት ላይ ያምራል። ሲዘፈን ግን ሁለት ቃል እየተጋጨ አንዱም አይሰማም። ስለዚህ ቃሉን ለሶፕራኖና ለአልቶ በአንድ ምት ሰጠሁ። ወንዶቹ «ኦ» ብቻ ይላሉ። አራቱም ቃል የሚዘፍኑት በመጨረሻው መስመር ነው፣ እዚያም ሁሉም አንድ ፊደል ላይ አብረው ይረግጣሉ።

ረጅም ኖታ የትኛው ፊደል ላይ እንደሚወድቅም መጠንቀቅ አለ። «ትምህርት ቤታችን» የሚል ስንኝ ነበረኝ፣ ረጅሙ ኖታ «ህርት» ላይ ወድቋል። ሳድስ ላይ ቆመህ አራት ምት ዘፍነህ እይ! አፍ ይዘጋል፣ ጉሮሮ ይታነቃል፣ 9 ሶፕራኖ 9 ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ኖታውን ወደ «ታ» አዛወርኩት፣ ወዲያው ተከፈተ። ሌላው ጣጣ መጥበቅና መላላት ነው። «ገና ነው ጉዟችን» የሚል መስመር አለ። «ገ» ላይ ሲቆዩ ልጆቹ «ና»ን አጥብቀው ጨረሱት። የጥበቃ ሠራተኛው በር ላይ ሆነው «የገና መዝሙር ከአሁኑ ጀመራችሁ?» አሉን። «ገ»ን አሳጥሬ «ና»ን አስረዘምኩ፣ ላልቶ ወጣ።

የቀረው ችግር ሳናውቀው ከመነሻችን ድምፅ ዝቅ እያልን መውረዳችን ነው። ዘፈኑን ሁለት ጊዜ ደግመን ስንጨርስ ስልኬ ላይ ባለው መቃኛ አየሁት፣ ከኤፍ ተነስተን ኢ አካባቢ ደርሰናል። መጀመሪያ ሶፕራኖዎቹን ጠረጠርኩ። እነሱም ሚ ሬ ዶ ሲወርዱ እርምጃቸውን ያሰፉ ነበር። ትልቁ ቀዳዳ ግን ቤዞቹ ጋ ነው። አራቱም ያቺን ረጅም ዶ ይዘው ትንፋሻቸው እያለቀ ሲሄድ ድምፃቸው ይሰምጣል፣ ሌላው ሁሉ ተከትሏቸው ይወርዳል። ሁለት ነገር አደረግኩ። በአንድ «ኦ» ፋንታ በየባሩ መጀመሪያ «ዱም» እያሉ አዲስ እንዲመቱ ጻፍኩላቸው። ሁለት ሁለት ሆነው በተለያየ ቦታ እንዲተነፍሱም ምልክት አደረግኩ። ከሳምንት በኋላ የምንወርደው ለጆሮ እምብዛም በማይታወቅ መጠን ነበር።

አሁን ቴነሮቹ አኮረፉ። «አንድ ድምፅ ብቻ ስንይዝ ልንውል ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሁለተኛው አዝማች ውስጥ አራት ባር ዜማ ሰጠኋቸው፣ ሶፕራኖዎቹ ከሚዘፍኑት አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ። ከፍተኛዋ ኖታ ላ ናት፣ ያችው የምትመቻቸው ዲ። አልቶዎቹ ከላይ ዶን በዝግ አፍ ይይዛሉ፣ ቤዞቹ «ዱም» ይላሉ። ሶፕራኖዎቹ እዚያ አራት ባር ዝም ይላሉ። ዝም ማሰኘቱ ከመዝፈኑ የበለጠ ልምምድ ፈጀብኝ።