ሰርጌየቪች የማን አያት ነው?

የምሠራው የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ነው። ውጭ አገር ያሉ አስጎብኚዎች የእንግዶቻቸውን ስም በኤክሴል ይልኩልናል፣ እኛ የአገር ውስጥ በረራ ትኬት እንቆርጣለን። አንድ ከሰዓት የሩሲያ ቡድን ዝርዝር መጣ። ላሊበላና አክሱም ነው የሚሄዱት። ሥራው ለአዲሱ ልጅ ተሰጠው። ልጁ ፈጣን ነው፤ ከሻይ ሰዓት በፊት ጨርሶ ትኬቱን ሁሉ አወጣው።

የዝርዝሩ የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ይል ነበር (ስሞቹን ቀይሬያቸዋለሁ)፦ ፔትሮቭ ኢቫን ሰርጌየቪች። ቀጥሎ ሚስቱ፦ ፔትሮቫ አና ኒኮላየቭና።

ልጁ ያነበበው እኛ እንደምናነበው ነው። መጀመሪያ የራሱ ስም፣ ቀጥሎ የአባት፣ መጨረሻ ላይ የአያት። ሲስተሙ ሰርኔም ሲለው የመጨረሻውን ስም ወሰደ፣ እንዲህም አስገባ፦

```
NM1SERGEEVICH/PETROV IVAN MR
NM1NIKOLAEVNA/PETROVA ANNA MRS
```

ነገሩን ያየው የሂሳብ ሠራተኛችን ነው። ጋሼ በደርግ ዘመን ኪየቭ የተማረ ሰው ነው። ደረሰኝ ሊያመሳክር መጥቶ የልጁን ስክሪን አየና ሳቀ። «ባልና ሚስቱ ሁለቱም ፔትሮቭ ተብለው ነው እንዴ የተጠመቁት?»

ልጁ ግራ ገባው። «አይ ጋሼ፣ እሷ ፔትሮቫ ናት።»

«እኮ! እሱ ነው የቤተሰብ ስሙ። ሚስቱ ስትይዘው መጨረሻው ላይ ‹ኣ› ይጨመርበታል።»

ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጋሼ ከተቀመጠ ቶሎ አይነሳም። ሩሲያ ውስጥ መዝገብ ላይ ስም የሚሰፍረው የቤተሰብ ስም፣ የራስ ስም፣ የአባት ስም በሚል ቅደም ተከተል ነው። ሦስተኛው በቋንቋቸው ኦትቼስትቮ ይባላል። ሰርጌየቪች ማለት የሰርጌይ ልጅ ማለት ነው። አያት የለበትም፤ አባት ነው። ሴት ስትሆን ‹ቪች› ቀርቶ ‹ቭና› ይገባል፣ ስለዚህ አና የኒኮላይ ልጅ ናት። «ኪየቭ አስተማሪያችንን ‹ኢቫን ሰርጌየቪች› ብለን ነበር የምንጠራው፣ በራሱና በአባቱ ስም። በእኛ አገር ‹ጋሼ› እንደማለት ነው፤ በቤተሰብ ስሙ ብቻ ብትጠራው ቅር ይለዋል።»

ወሬው ደስ ይላል፣ ትኬቱ ግን ተቆርጧል። የፓስፖርት ኮፒዎቹን ከኢሜይሉ አወጣናቸው። የሩሲያ የውጭ አገር ፓስፖርት ላይ የአባት ስም ያለው በሩሲያ ፊደል በተጻፈው ክፍል ብቻ ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈው የቤተሰብ ስሙና የራሱ ስም ነው፤ ግርጌው ላይ ማሽን የሚያነበው መስመርም እንደዚያው፦

```
P<RUSPETROV<<IVAN<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<<
```

ከአገሩ ምህጻረ ቃል ቀጥሎ እስከ ሁለቱ `<<` ድረስ ያለው የቤተሰብ ስም ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የራስ ስም። ሰርጌየቪች የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። እንግዲህ ቼክ ኢን የሚሠራው ሰው ትኬቱ ላይ ሰርጌየቪች፣ ፓስፖርቱ ላይ ፔትሮቭ ሲያይ ሌላ ሰው ነው ቢል ማን ይፈርድበታል?

አንድ ፊደል ቢሳሳት ኖሮ ብዙ ጊዜ ማስተካከያ ይጠየቅለታል። የቤተሰብ ስም ሙሉ በሙሉ ሲለወጥ ግን የስም ለውጥ ተብሎ ይቆጠራል፣ እሱ ደግሞ አይፈቀድም። ደግነቱ ትኬቱ የተቆረጠው በዚያው ቀን ነበር። ቀኑ ሳይለወጥ ቮይድ አድርገን ሰረዝነው፣ ቡኪንጉን እንደ አዲስ ሠራነው፣ እንደ ፓስፖርቱም ጻፍነው፦

```
NM1PETROV/IVAN MR
NM1PETROVA/ANNA MRS
```

ዋናው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ «‹ቪች› ያለበት ስም ሰርኔም አይደለም» የሚል ሕግ ለራሱ አወጣ። ሌላ ቡድን ሲመጣ አንዲት የሰርቢያ ሴት ተገኘች፣ ስሟ ዮቫኖቪች ላይ ያልቃል። እሱ ሊዘለው ነው! እንዳጋጣሚ ትኬቱን ከማውጣቱ በፊት ጠየቀኝ።

ሰርቢያ ሌላ ነው። እዚያም ዮቫኖቪች ሥሩ የዮቫን ልጅ ማለት ነው፤ ግን ዮቫን የሚባለው ሰው ከብዙ ትውልድ በፊት የኖረ አባት ነው። ስሙ ደርቆ የቤተሰብ ስም ሆኗል። ማስረጃው ሴትየዋ ራሷ ናት። ሴት ሆና ሳለ ዮቫኖቪች ነች፣ ‹ቭና› አላለችም። ስለዚህ እሷ ጋ ሰርኔሙ እሱው ነው።

ልጁ የቼልሲ ደጋፊ ስለሆነ በሚገባው መንገድ ነገርኩት። የቀድሞው ባለቤት ሙሉ ስሙ ሮማን አርካድየቪች አብራሞቪች ነው። ሁለት ‹ቪች› በአንድ ስም። አርካድየቪች የአባቱ ነው፣ ከእሱ ጋር ያበቃል፤ ልጆቹ ጋ ሲደርስ ሮማኖቪች ወይም ሮማኖቭና ይሆናል። አብራሞቪች ግን የቤተሰብ ስም ነው፣ ወንድም ሴትም ሳይለውጡ ይይዙታል። ጭራውን ብቻ እያየ የሚፈርድ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል። ‹የእገሌ ልጅ› የሚለው ነገር አሁንም በየትውልዱ እየተለወጠ ነው ወይስ ድሮ ቆሟል? መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

ቼልሲን ካነሳን አይቀር የቀድሞው አይስላንዳዊ ተጫዋቹ ጉድዮንሰንም አለ። አይስላንዶች እንደ እኛ ናቸው፤ አብዛኞቹ የቤተሰብ ስም የላቸውም። ወንዱ በአባቱ ስም ላይ ‹ሶን›፣ ሴቷ ‹ዶቲር› ይጨምራሉ። የዮን ወንድ ልጅ ዮንሶን፣ ሴት ልጁ ዮንስዶቲር። እናት ደግሞ የራሷን አባት ስም ይዛ ትቀጥላለች። አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ አራት ዓይነት መጨረሻ ስም ይዞ ቢመጣ አትደንግጡ። ከልጆቿ ጋር ስትጓዝ ‹ስማችሁ ለምን አይመሳሰልም› የተባለች ሐበሻ እናት ነገሩን ወዲያው ትረዳዋለች።

ኤይዱር ጉድዮንሰን ግን ከዚህ ይወጣል። 1996 ላይ ከኢስቶኒያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ተቀይሮ ሲገባ፣ የወጣለት አባቱ አርኖር ጉድዮንሰን ነበር። አባቱ አርኖር ከሆነ በአይስላንድ ወግ ልጁ አርኖርሶን መባል ነበረበት። ሁለቱም አንድ ስም መያዛቸው የቤተሰብ ስም መሆኑን ያሳያል። ‹ሰን› የሚለው ጭራም የዴንማርክ መልክ ነው። አይስላንድ በ1925 በሕግ አዲስ የቤተሰብ ስም ማውጣት ከልክላለች፣ የቀደሙት ግን ቀርተዋል።

ዴንማርክ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄደች። እዚያም ድሮ ስሙ በየትውልዱ ይለወጥ ነበር። የሃንስ ልጅ ፒተር ሃንሰን፣ የእሱ ልጅ ፒተርሰን። በ1828 መንግሥት ቤተሰብ ቋሚ ስም ይያዝ ብሎ ደነገገ። ገጠሩ እሺ ለማለት ጊዜ ቢወስድበትም በኋላ ቆመ። ዛሬ አንዲት ዴንማርካዊት ሃንሰን ብትባል፣ አባቷ ሃንስም አይደለም፣ እሷም የሃንስ ወንድ ልጅ አይደለችም።

ልጁ አሁን ዝርዝር ሲመጣለት መጀመሪያ የሚፈልገው ሴቶቹን ነው። ወንድና ሴት ባሉበት ቤተሰብ ጭራው ተለውጦ እንደሆነ ያያል፣ ከዚያ ፓስፖርቱን ይከፍታል። ባለፈው የአየርላንድ ወንድምና እህት መጡለት። ወንዱ ስሙ ‹ማክ› ብሎ ይጀምራል፣ እህቱ ‹ኒክ›።

«እነዚህ አንድ ቤተሰብ ናቸው ወይስ ተሳስተው ነው የላኩት?» አለኝ።

በአይሪሽ ቋንቋ ‹ማክ› የወንድ ልጅ ነው፣ ሴቷ ‹ኒክ› ትላለች። ስማቸውን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ሴቶቹም ‹ማክ› ናቸው፤ እነዚህ ግን ፓስፖርታቸውን በአይሪሽ ነው ያወጡት። ሁለቱንም እንደ ፓስፖርታቸው፣ በሁለት የተለያየ ሰርኔም አስገባቸው። አጠገብ ለአጠገብ ወንበር ግን መያዙን አልረሳም።