«ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» ከተባለ በኋላ ወደ መዝጊያዬ የምመለስበት መንገድ

ነርስ ነኝ። አንዳንድ እሁድ በየእድሩ እየዞርኩ ስለ ደም ግፊት አወራለሁ። ሃያ ደቂቃ ንግግር፣ ሃያ ደቂቃ ጥያቄ፣ ከዚያ እዚያው ጠረጴዛ ዘርግተን ሰው እንለካለን። ንግግሩ አስቸግሮኝ አያውቅም። ያስቸገረኝ ጥያቄው ነው። መልሱ አይጠፋኝም፤ ከመለስኩ በኋላ ወዴት እንደምሄድ ነበር የማላውቀው።

አንድ እሁድ ንግግሬን አሳምሬ ጨረስኩ። የመጨረሻው ጠያቂ አንድ አባት ነበሩ። «ጤና ጣቢያ ስንሄድ መድኃኒት የለም ይሉናል። ታዲያ እናንተ መጥታችሁ የምታወሩልን ምኑን ነው?» አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ስለ አቅርቦት አንድ ሁለት ነገር ተንተባተብኩ። የእድሩ ዳኛ ማይኩን ተቀበሉኝና «በሉ እናመሰግናለን፣ ቀጣዩ አጀንዳችን የድንኳን ግዢ ነው» አሉ። አለቀ። ከስልሳ በላይ ሰው ነበር፤ ለመለካት የመጡት ሰባት ናቸው። ሰው ይዞ የሄደው የመጨረሻዋን ንግግር ነው፤ እሷ ደግሞ የእኔ አልነበረችም።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያደረግኩት መዝጊያዬን መቁረጥ ነው። ጨው ቀንሱ፣ ተራመዱ፣ መድኃኒት አታቋርጡ፣ ተለኩ እያልኩ ነበር የምዘጋው። አራት ቦታ ደግሞ መመለስ አይቻልም። አንዱን መረጥኩ፦ «ግፊት በስሜት አይታወቅም፤ እንለካ።» ይህንን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ግፊቱ 160 የደረሰ ሰው ምንም ላይሰማው ይችላል። ሰው የሚጠይቀኝ ሁሉ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ስለሚሰማውና ስለማይሰማው ነገር ነው። መዝጊያው ለጥያቄዎቹ ጎረቤት ከሆነ መንገዱ አጭር ይሆናል።

ቀጥሎ ጥያቄዎቹን ሰበሰብኩ። እናቴን፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼንና የሰፈራችንን ባለሱቅ «ስለ ግፊት ብናገር ምን ትጠይቁኛላችሁ?» አልኳቸው። አሥራ አንድ ጥያቄ አገኘሁ፤ ስለያቸው አራት ዓይነት ብቻ ሆኑ። የባህል መድኃኒት፣ «አሁን ደህና ነኝ»፣ የጠያቂው የግል በሽታ ዝርዝርና ብሶት። ለእያንዳንዱ ዓይነት ከመልሱ ወደ መዝጊያዬ የሚወስደኝ አንድ መመለሻ ዓረፍተ ነገር በካርድ ላይ ጻፍኩ። መልሱን ሳይሆን መመለሻውን ብቻ። መልሱ እንደ ጠያቂው ይለያያል፤ መመለሻው ግን አፌ ላይ ዝግጁ መሆን አለበት።

የመጀመሪያዎቹ መመለሻዎቼ ግን አይረቡም ነበር። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ዋናው ነገር መለካት ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። በሚቀጥለው እድር አንዲት እናት ስለ ነጭ ሽንኩርት ሲጠይቁኝ ይችኑ ተጠቀምኩባት። ሴትዮዋ ሳይቀመጡ «ልጄ፣ ጥያቄዬን እኮ ዋጥሽው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። «ግን» ያልኩ ጊዜ ጥያቄያቸውን ወደ ጎን ገፋሁት። «ጥሩ ጥያቄ ነው» የሚለውም ቢሆን ሹመኛ መልስ ሲያጣ የሚላት ነገር ናት፤ ሰው ያውቃታል።

አሁን መመለሻዬ የሚጀምረው ከጠያቂው አፍ ከወጣ ቃል ነው። «ግን» የነበረበት ቦታ ላይ «ለዚህ ነው» ገባ። ያው የነጭ ሽንኩርት ጥያቄ ዛሬ እንዲህ ይሄዳል፦ «እማማ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ወጥ ውስጥ ይብሉት፣ ጉዳት የለውም። የታዘዘልዎትን መድኃኒት ግን አይተካም፤ እሱን እንዳያቆሙ። ነጭ ሽንኩርቱ ግፊቴን አወረደው አላወረደው የሚለውን ደግሞ ሰውነታችን አይነግረንም። ለዚህ ነው ሁላችንም እንለካ የምለው።» እዚህ ውስጥ አንድ «ግን» አለች፤ እሷ የመልሱ ናት፣ መመለሻው ውስጥ አትገባም።

አንድ ትንሽ ነገር አለች፣ ብዙ ልምምድ የወሰደችብኝ። መልሱን የምሰጠው ለአንድ ሰው ነው፤ «ይብሉት»፣ «እንዳያቆሙ» እላለሁ። በዚያው «እርስዎ» ከዘጋሁ ቤቱ ሁሉ የእማማን ጉዳይ ያዳምጣል እንጂ የራሱን አይሰማም። ስለዚህ መመለሻው ላይ «ሰውነታችን»፣ «ሁላችንም» ብዬ ወደ «እኛ» እሻገራለሁ። ዓይኔንም ከጠያቂዋ አንስቼ ወደ ኋላ ወንበሮች እወስደዋለሁ። ሌላው ርዝመት ነው። መመለሻውን በስልኬ ቀድቼ ሰማሁት፤ በአንድ ትንፋሽ ካላለቀ እቆርጠዋለሁ።

ለ«አሁን ደህና ነኝ» መመለሻው ቀላሉ ነው፤ ጠያቂው ራሱ መንገዱን ይሠራልኛል። አንድ ጋሼ «ራሴን ሲያመኝ ብቻ ነው የምውጠው» ሲሉኝ «ጋሼ፣ ራስዎን ሳያምዎትም ከፍ ሊል ይችላል፤ መድኃኒቱ በየቀኑ ነው። ራስ ምታታችንን እንደ መለኪያ አንጠቀምበት፣ በመለኪያው እንለካ» አልኳቸው። የራሱን የምርመራ ወረቀት ይዞ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ዝርዝሩን ከስብሰባው በኋላ ለብቻው እናወራለን እለዋለሁ። በሕዝብ ፊት የሰው ውጤት አላነብም።

የከበደኝ ብሶቱ ነው። ያ የመድኃኒት ጥያቄ በየእድሩ ይመጣል፣ መምጣትም አለበት። ቶሎ ልመለስ ካልኩ ማምለጥ ይመስላል፤ ነውም። አሁን መጀመሪያ «እውነት ነው፣ የሚጠፋበት ጊዜ አለ» እላለሁ። ቀጥዬ በእጃቸው ያለውን እነግራቸዋለሁ፦ ኪኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይሂዱ፤ ከጠፋ ማዘዣውን ተቀብለው ሌላ መድኃኒት ቤት ይጠይቁ፤ በራስዎ ከጎረቤት አይበደሩ። ከዚያ ብቻ ነው መመለሻው፦ «መድኃኒት በጠፋበት ሳምንት ምንም ስላልተሰማን ደህና ነን ማለት አይደለም፤ ያን ሳምንት በተለይ እንለካ።» ይህቺ ጭብጨባ አታመጣም። ቢያንስ ድንኳኑ ላይ አንወድቅም።

ከዳኛውም ጋር አስቀድሜ እነጋገራለሁ። «ሁለት ጥያቄ ሲቀር ይንገሩኝ፣ ማይኩን ደግሞ እኔ ራሴ አምጥቼ እሰጥዎታለሁ» እላቸዋለሁ። ለቤቱም «ሁለት ጥያቄ ልቀበል፣ ከዚያ በአንድ ደቂቃ ልዝጋ» እላለሁ። በየመልሱ ላይ መመለሻ አልለጥፍም። አንዴ ለአምስት ጥያቄ አምስት ጊዜ «እንለካ» ስል ወጣቶቹ ከኋላ አብረውኝ ማለት ጀመሩ። አሁን መሐል ላይ አንዴ፣ መጨረሻው ላይ አንዴ ይበቃኛል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ካርዱን ጭራሽ አላነሳሁትም። አንዲት ሴት ማይኩን ይዛ ባለቤቷ በስትሮክ እንዴት እንደሞተ ተናገረች። ጥያቄ አልነበራትም። እዚያ ላይ «ለዚህ ነው እንለካ» ማለት ትችል የነበረ ሰው ትኖር ይሆናል፤ እኔ አልቻልኩም። «ነፍስ ይማር» አልኩ፣ ዝም አልን። ዳኛው ቀስ ብለው ሌላ ሰው አስነሱ።

ባለፈው እሁድ መዝጊያዬን ተናግሬ ሳልጨርስ አንድ ሽማግሌ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠረጴዛው ጋ ደረሱ። እጃቸው ላይ ሁለተኛው ስኒ ቡና አለ። «አባባ፣ ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለብዎት፤ ይቀመጡልኝ» አልኳቸው።

«ታዲያ ይህንን ቡናው ሳይቀዳ አትናገሪም ነበር?» አሉኝ።