ከላይ የገባው ኬብል

ጠዋት ደንበኛችን ደወሉ። «የውጪውን መታጠቢያ መብራት ስናበራ አርሲዲው ይወርዳል። መልሰን ብናነሳውም ወዲያው ይወርዳል» አሉ። አርሲዲ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ ኃይሉን ወዲያው የሚያቋርጥ ማጥፊያ ነው። መብራቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ደግሞ ተራ መብራት አይደለም፤ አይፒ 65 ነው። 6ቱ አቧራ አያስገባም፣ 5ቱ በቱቦ የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው። ግቢውን በጎማ ቱቦ ስለሚያጥቡት ሆን ብዬ የመረጥኩት ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው ብዬ እርግጠኛ ሆኜ ሄድኩ።

አለቃዬም አብሮኝ መጣ። ዋናውን ማጥፊያ አጠፋ፣ በቴስተር አረጋገጠና ሽፋኑን ፈታ። ውሃ እጁ ላይ ፈሰሰ። የሽፋኑ ጎማ ደህና ነው። ኬብሉ የታሰረበት ተርሚናል ግን አረንጓዴ ለብሷል።

«በየት አስገባኸው?» አለኝ።

መልሱ ፊት ለፊታችን ነበር። ኬብሉ ከጣሪያው ስለሚወርድ አጭሩን መንገድ መርጬ ከላይ አስገብቼዋለሁ። መግቢያውን የሚዘጋውን ጎማ ደግሞ በጠመንጃ መፍቻ ወግቼ ቀድጄዋለሁ። ቀዳዳው ከኬብሉ ይሰፋል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 65 በዚያች ቅጽበት ከንቱ ሆኗል፤ ቁጥሩ የሚሠራው መግቢያው እንደ መመሪያው ሲዘጋ ብቻ ነው።

የገረመኝ የውሃው መጠን ነው። አለቃዬ አስረዳኝ። መብራቱ ሲበራ ውስጡ ያለው አየር ይሞቅና ይወጣል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲረጭበት የቀረው አየር ይኮማተራል፣ ያኔ በቀዳዳው ያለውን እርጥበት ስቦ ያስገባል። መብራቱ ውሃ ይጠጣል ማለት ይቻላል።

የተበላውን መብራት ጣልነው። አዲሱን ስናስር መግቢያውን ወደ ታች አዞርነው። ኬብሉን ከመብራቱ በታች ወርዶ ተመልሶ እንዲወጣ አጠፍነው፤ በላዩ የሚወርደው ውሃ ከእጥፋቱ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይሄድም። ለኬብሉ ውፍረት የሚሆን፣ ኬብሉን ጨምቆ ይዞ መግቢያውን የሚዘጋ ግላንድም አጠበቅንበት። ሲሊኮን ልቀባ ስል አለቃዬ ከለከለኝ። «ሲሊኮን የግላንድ ምትክ አይደለም» አለ።

ቦታውንም ቀየርን። እኔ ከሻወሩ አጠገብ፣ እጅ በሚደርስበት ከፍታ ነበር ያደረግኩት። ለመታጠቢያ ክፍል የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ገንዳ ለሌለው ሻወር ከውሃ መውጫው 1.2 ሜትር ድረስ፣ ወደ ላይም እስከ 2.25 ሜትር ድረስ ያለውን አደገኛ ቀጠና ይለዋል። አለቃዬ ለውጪም ይህንኑ ይለካል። መብራቱን ተቃራኒው ግድግዳ ላይ ከ2.25 ሜትር በላይ ሰቀልነው። ማብሪያውን ደግሞ እርጥብ እጅ ከማይነካው ከበሩ ውጪ አደረግነው።

አርሲዲው ባይኖር ምን ይፈጠር እንደነበር ደንበኛው ጠየቁ። አለቃዬ የመብራቱን የብረት እጀታ አሳያቸው። «ይሄን በእርጥብ እጅ ይዘው ነበር የሚያስተካክሉት?» አላቸው። እሳቸውም «ትናንት ማታ አስተካክዬዋለሁ» አሉ።