ሁለት ቋጠሮ

እማዬ ወርቋን በመሐረብ ቋጥራ ነው የኖረችው። እኔም ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ደሴ ስሄድ ያንኑ አደረግሁ። ቀጭን ሐብሌን፣ ፈርጥ ያለው ጉትቻዬን፣ የኦፓል ቀለበቴን አንድ ላይ ቋጥሬ ቦርሳ ውስጥ ወተፍኩ። ደሴ ደርሼ ስፈታው ሐብሉ ራሱን ቋጥሮ ጠበቀኝ። ኦፓሉ ላይ ደግሞ ፀጉር የመሰለ ጭረት አለ።

ስመለስ ፒያሳ ወደ አንድ ወርቅ ሠሪ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው። ሐብሉን አገላብጠው አዩና፣ «በጥርስሽ ሞክረሻል አይደል ልጄ?» አሉኝ። ሞክሬ ነበር። ዝም አልኩ።

መጀመሪያ መስቀሉን አወጡለት። ሐብሉን መስታወት ላይ ዘርግተው ትንሽ የሕፃን ፓውደር ነሰነሱበት። ከዚያ ሁለት ስፒል ቋጠሮው መሀል ሰክተው ቀስ እያሉ ወደ ውጭ ከፈቱት። ጫፉን አንዴም አልሳቡም። ሲሳብ ቋጠሮው ይጠብቃል፤ የሐብሉ ቀጭን ቀለበት ደግሞ ብየዳው ላይ ይከፈታል። ሲጨርሱ ሐብሉን በጣቶቻቸው መሀል አሳለፉት። የተጎዳ ቦታ ካለ እዚያ ጋ ደረቅ ብሎ ይይዛል። ደግነቱ የኔው ተርፏል።

ጥፋቴ መቆለፊያውን ክፍት መተዌ ነው። ነፃ የሆነ ጫፍ በጉዞ ንቅናቄ በሌላው ውስጥ ይሾልካል። አሁን አንዱን ጫፍ በጁስ መጠጫ ስትሮው ውስጥ አሳልፌ ከውጭ እቆልፈዋለሁ። የኔ ሐብል 45 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ስትሮው ይበቃዋል። ከሐብሉ ግማሽ ከረዘመ አይቆለፍም።

የኦፓሉ ነገር ግን ሌላ ነው። ጥፋተኛው የጉትቻው ፈርጥ ነው፤ ዚርኮን ከኦፓል በጣም ይጠነክራል። ተራ አቧራም ቢሆን ኳርትዝ ስላለበት ይጭራል። ስለዚህ በደረቁ አልወለውለውም፤ መጀመሪያ እፍ እለዋለሁ። የወሎ ኦፓል ደግሞ ውኃ ይመጥጣል፤ ሲርስ ቀለሙ ይጠፋና እስኪደርቅ ቀናት ይፈጅበታል። ቅባትና ሽቶ ከገባበት ማውጣት ከባድ ነው። እና ፓውደሩም ቢሆን ለሐብል እንጂ ለሱ አይደለም። አሁን ለብቻው በጥጥ ጨርቅ ጠቅልዬ አሮጌ የመነጽር ቤት ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ስጓዝ ሁሉም የሚገባው ከእጄ በማይለየው ቦርሳ ነው። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወርቅ አይጫንም መቼም።

ጭረቱን ማስወለወል ይቻላል፤ ግን ከድንጋዩ ላይ ስስ ሽፋን ተፍቆ ይነሳል ተባልኩ። ተውኩት። እማዬ ስትሮውን አይታ፣ «ወርቅ በጁስ መጠጫ!» ብላ ሳቀችብኝ። ማታ ግን የራሷን ሐብል ይዛ መጣችና፣ «እስቲ አንድ ካለሽ» አለችኝ።