ተከትፎ የማይጠቁር ፖም፣ ሙዝና አቮካዶ፦ ሎሚ ሳይበዛበት

ቤታችን እንግዳ ሲጠራ ፍራፍሬውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። በተለይ በጾም፣ ኬክ በማይቀርብበት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ ሰው የሚጠብቀው ትልቁን የፍራፍሬ ሳህን ነው። ጠዋት ከተከተፈ ከሰዓት ይጠቁራል። እንግዳ ከመጣ በኋላ ልክተፍ ቢሉ ደግሞ ሰው ትቶ ጓዳ መዋል ነው። ብዙ ሰው ስለዚህ ሎሚ ጨምቆበት ይገላገላል። ቀለሙ ይተርፋል፤ ጣዕሙ ግን ሁሉም ሎሚ ሎሚ ይላል። የኛ አገር ሎሚ በመጠን ትንሽ ቢሆንም ኃይለኛ ነው፣ የሙዝን ጣዕም ድራሹን ያጠፋዋል።

የሚያጠቁረው ነገር ምን እንደሆነ ሳውቅ ሥራው ቀለለኝ። ፍራፍሬ ሲቆረጥ ውስጡ ያሉት ሕዋሳት ይሰበራሉ። ያኔ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ፤ አንዱ ኢንዛይም ነው፣ ሌላው ፌኖል የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ናቸው። አየር ሲነካቸው ቡናማው ቀለም ይመጣል። ጨውና ኮምጣጣ ነገር ኢንዛይሙን ያዳክሙታል። ቅዝቃዜ ያዘገየዋል። ሎሚና ብርቱካን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ደግሞ ለውጡ ገና ሲጀምር ወደኋላ ይመልሰዋል፤ ቫይታሚኑ ሲያልቅ ግን መጥቆሩ ይቀጥላል። ለዚህ ነው ሎሚ የነካው ሙዝም ቢሆን ውሎ አድሮ የሚጠቁረው። ቢላዋውም ለውጥ አለው። ደነዝ ቢላ እየጨፈለቀ ስለሚቆርጥ ብዙ ሕዋስ ይሰብራል። እኔ ፍራፍሬ ከመንካቴ በፊት ቢላዬን እሞርዳለሁ።

ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሰጠሁት ለፖም ነው። አንዱን ፖም ለአራት ከፍዬ ጎን ለጎን አየሁት። አንዱን ቁራጭ እንዲሁ ተውኩት፣ አንዱን ሎሚ ቀባሁት፣ አንዱን ጨው ባለበት ውኃ፣ አንዱን ማር በተበጠበጠበት ውኃ ነከርኩት። ምንም ያልነካው ቡና ጠጥተን ሳንጨርስ ጠርዙ ቡናማ ሆነ። ሎሚው ነጭ አድርጎ አቆየው፣ ግን ጎመዘዘ። የማሩ ጥሩ ነበር፤ ጣፋጭ ነው፣ የማር ሽታው ግን አለ። የጨው ውኃው ቁራጭ እንደ ነጣ ቆየ፣ ሲነከስም ቀጭ ይላል፣ ጣዕሙም የራሱ የፖም ነው። ከዚያ ወዲህ ለፖም የምጠቀመው ጨው ነው።

መጠኑ ቀላል ነው። ለአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው እስኪሟሟ አማስላለሁ፣ ፖሙን እየቆረጥኩ ወዲያው ወዲያው እዚያው እጨምራለሁ። ፖም ውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ከላይ ትንሽ ሳህን እጭንበታለሁ፤ ካልሆነ ላይ የቀረው ጎን ይጠቁራል። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በንጹህ ውኃ አንዴ ለቅለቅ አድርጌ በወንፊት አጠልለዋለሁ፣ በንጹህ ፎጣም አደርቀዋለሁ። ይሄ ማድረቅ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። እርጥብ ሆኖ ዕቃ ውስጥ ከገባ ታች ውኃ ይጠራቀምና ፖሙ ይልማል። ደርቆ፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ እስከ ማታ አያሳስብም። ጨው ጨው ካለ ወይ ብዙ ተነክሯል፣ ወይ አልታጠበም። አክስቴ ስትቀምሰው «ይሄን ጨው ነክቶታል ብትዪኝ አላምንሽም» አለችኝ።

ጨው ለማይፈልግ ሰው የማሩ መንገድም ይሠራል። ማር ውስጥ ኢንዛይሙን የሚገታ ነገር አለ። ለአንድ ኩባያ ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር በጥብጦ ፖሙን ለአጭር ጊዜ መንከር ነው። ነጭ ማር ብትመርጡ ይሻላል፤ ጠቆር ያለው ማር ሽታው ይበረታል።

ሙዝ ሌላ ነው። ውኃ ውስጥ ከቆየ ይሟሽሻል፣ ላዩም ያሟልጫል፣ ስለዚህ የፖሙን ዘዴ አልሞክርበትም። ሥራው የሚጀምረው ገበያ ላይ ነው። የምገዛው ቢጫ ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ አረንጓዴ የቀረበትን፣ ነጠብጣብ ያልጀመረውን ነው። በጣም የበሰለ ሙዝ ጣፋጭ ነው፣ ግን ተቆርጦ አይቆይም፤ እሱን ለጁስ ተዉት። ወፈር ወፈር አድርጌ እቆርጠዋለሁ፣ ምክንያቱም ስስ ሲሆን አየር የሚነካው ጎን ይበዛል። ከዚያ አዲስ የተጨመቀ ብርቱካን ውስጥ ገባ ወጣ አድርጌ አጠልለዋለሁ። ብርቱካን ከሎሚ ይልቅ ለስለስ ያለ ስለሆነ ሙዙን አይጫነውም፤ እንደውም አብረው ይሄዳሉ። ብርቱካኑ በጣም ጣፋጭ ከሆነ ለአንድ ኩባያ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ እጨምርበታለሁ። በዚህ መንገድ ሙዝ አንድ ሁለት ሰዓት ያምራል፣ ከዚያ በላይ ቃል አልገባም። ስለዚህ ሁሌም መጨረሻ የሚቆረጠው ሙዝ ነው።

አቮካዶ ላይ ዋናው ጠላት አየር ስለሆነ፣ መፍትሔውም አየር መከልከል ነው። ከሁለት ከከፈልኩ በኋላ ፍሬው ያለበትን ግማሽ አስቀምጣለሁ። ፍሬው ግን የሚጠብቀው ከሥሩ ያለውን ቦታ ብቻ ነው፤ ዙሪያው ክፍት ከሆነ ይጠቁራል። የተቆረጠውን ፊት በጣቴ በጣም ስስ አድርጌ ሎሚ እቀባዋለሁ። የምግብ መጠቅለያ ላስቲኩን ደግሞ በላዩ ላይ ዝም ብዬ አላለብሰውም፤ ሥጋው ላይ ተጣብቆ አረፋ እስከማይቀር ድረስ በጣቴ እየዳበስኩ እጫነዋለሁ። የተፈጨም ከሆነ እንደዚያው ነው፤ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ላዩን አስተካክሎ፣ ላስቲኩን ፊቱ ላይ ማጣበቅ። እዚህ ሎሚ ጣዕም አያበላሽም፣ አቮካዶ በሎሚ መብላት የለመድነው ነው። ላዩ ላይ ቡናማ ስስ ነገር ቢታይ በማንኪያ ፋቅ ሲደረግ ሥሩ አረንጓዴ ነው። ሽታው ከተለወጠ ወይም መረር ካለ ግን መጣል ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። አቮካዶን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ፍሪጅ ማስቀመጥ በኢንተርኔት በሰፊው ተወርቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2022 እ.ኤ.አ. ይህን እንዳታደርጉ ብሎ አስጠንቅቋል፤ ልጣጩ ላይ ያሉ እንደ ሊስቴሪያና ሳልሞኔላ ያሉ ጀርሞች ውኃው ውስጥ ሊራቡ ይችላሉ። አረንጓዴ መስሎ መቆየቱ ደህና ነው ማለት አይደለም።

እንግዳ ለዘጠኝ ሰዓት ከተጠራ አካሄዴ እንዲህ ነው። አራት ሰዓት ላይ ፖሙን ጨርሼ ፍሪጅ አስገባለሁ። ሰባት ሰዓት ገደማ አቮካዶውን ከፍዬ እጠቀልላለሁ፣ ብርቱካኑንም ጨምቄ አስቀምጣለሁ። ምግቡ ተነስቶ ቡና ሲቆላ ሙዙን እቆርጣለሁ፣ አቮካዶውን ከላስቲኩ አውጥቼ እከትፋለሁ፣ ሁሉንም ሳህን ላይ ደርድሬ ስቴኪኒ እሰካለሁ። አልደባልቃቸውም፤ የሙዙ ብርቱካን ፖሙ ላይ ከፈሰሰ ፖሙ ይለሰልሳል። የተረፈውን ፖም በማግሥቱ ልጆቹ ምሳ ዕቃ ውስጥ እከታለሁ። የተረፈው ሙዝና አቮካዶ ግን ለነገ አይቀመጥም፣ ያኑ ማታ ጁስ ይሆናል።